የጆንያ እህል በእርግጥ ይረክሳል? ለብዙ ሰው ቤት የኪሎን እውነተኛ ዋጋ ማውጣት

እህል በጅምላ ሲገዛ ከችርቻሮ ይረክሳል የሚለው የብዙ ሰው እምነት መሠረት የሌለው አይደለም። ሻጩ አንድ ጆንያ በአንድ ጊዜ ሲሸጥ የሚሰፍርበት፣ የሚቋጥርበትና ገንዘብ የሚቆጥርበት ጊዜ ስለሚቀንስለት ከኪሎው ዋጋ ላይ ትንሽ መልቀቅ ይችላል። ይሁን እንጂ ቅናሹ የሚታየው ለሻጩ በተከፈለው ዋጋ ላይ ነው። ለቤቱ የሚጠቅመው ግን ተለቅሞ፣ ደርቆና ሳይነቅዝ ቆይቶ በመጨረሻ የሚበላው ኪሎ ስንት እንደወጣበት ማወቁ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አንዳንዴ ከቅናሹ ይበልጣል።

ይህ ጽሑፍ አሥር ሰው የሚኖርበትን አንድ ቤት ምሳሌ አድርጎ ሒሳቡን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይከተላል። አንድ ሰው በቀን 200 ግራም እህል ይመገባል ብንል፣ ቤቱ በቀን 2 ኪሎ፣ በሳምንት 14 ኪሎ የተለቀመ እህል ያስፈልገዋል። ገንዘብ ከአገር አገር፣ ዋጋም ከወር ወር ስለሚለያይ፣ በችርቻሮ የሚገዛውን አንድ ኪሎ እህል ዋጋ 100 ነጥብ ብለን እንነሣ፤ አንባቢው በቦታው የራሱን ዋጋ ሊተካ ይችላል።

ነጠላ ዋጋ ምንድን ነው?

ነጠላ ዋጋ ማለት የተከፈለው ጠቅላላ ገንዘብ ለተገዛው መጠን ተካፍሎ የሚገኘው የአንድ ኪሎ ዋጋ ነው። በምሳሌያችን ቤተሰቡ ሁለት ምርጫ ቀርቦለታል። አንደኛው በየሳምንቱ ኪሎውን በ100 ነጥብ መግዛት ነው። ሁለተኛው 100 ኪሎ የሚል ጽሑፍ ያለበትን ጆንያ በ8,600 ነጥብ መግዛት ነው። 8,600 ለ100 ሲካፈል 86 ስለሚሆን ጆንያው ከእያንዳንዱ ኪሎ ላይ 14 ነጥብ የሚያተርፍ ይመስላል።

ብዙ ሰው ሒሳቡን እዚህ ላይ ያቆመዋል። ነጠላ ዋጋ ግን ክፍልፋይ ነው፤ ከላይ የወጪው፣ ከታች የመጠኑ ቁጥር አለው፤ ሁለቱም ገና አልተጣሩም። ከላይ ያለው ጆንያው ቤት እስኪደርስና እስኪበላ ድረስ የወጣውን ሁሉ መያዝ አለበት። ከታች ያለው ደግሞ የተጻፈውን ሳይሆን የሚበላውን ኪሎ ብቻ መያዝ አለበት። የላይኛው ቁጥር መጨመሩ፣ የታችኛውም መቀነሱ ሁለቱም ዋጋውን ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ማለትም ወደ ላይ ይገፉታል። ጆንያ ከሚታየው በላይ የሚወደደው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለቱ ዋጋዎች በአንድ መለኪያ የተሰሉ ናቸው?

ማነጻጸር የሚቻለው መለኪያው አንድ ሲሆን ነው። ጆንያ በሚዛን እየተሸጠ ችርቻሮው በጣሳ ወይም በሌላ መስፈሪያ የሚሰፈር ከሆነ፣ አንዱ ክብደት ሌላው ይዘት ስለሆነ ዋጋዎቹን ጎን ለጎን ማስቀመጥ አይቻልም። አንድ ሊትር የሚይዝ ጣሳ በጥሩ ስንዴ ሲሞላ ከ750 እስከ 800 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ፍሬው የኮሰመነ ወይም ገለባ የበዛበት ከሆነ ግን ያው ጣሳ እየሞላ ክብደቱ ያንሳል። ጣሳው እስከ አፉ ብቻ ሲሞላና ቁልል ሆኖ ሲሰፈር ያለው ልዩነትም ቀላል አይደለም። መፍትሔው አንድ ቀን ብቻ የሚጠይቅ ነው፦ ሁልጊዜ የሚገዛበትን መስፈሪያ ሻጩ በሚሰፍርበት ልማድ አስሞልቶ በሚዛን ማስመዘን፣ ከዚያም የጣሳውን ዋጋ በኪሎ ለውጦ መያዝ። ጣሳው 0.78 ኪሎ መዝኖ 78 ነጥብ ከተከፈለበት፣ ኪሎው 100 ነጥብ ነው።

ጆንያውም ቢሆን በላዩ የተጻፈውን ያህል ላይሆን ይችላል። የጆንያው የራሱ ክብደት አለ፤ በመንገድ የሚፈስ አለ፤ ሲሞላ ጀምሮ የጎደለም ያጋጥማል። ስለዚህ ጆንያው እንዳለ ይመዘናል፤ እህሉ ከተገለበጠ በኋላም ባዶው ጆንያ ተመዝኖ ይቀነሳል። የምሳሌያችን ጆንያ በዚህ መንገድ ሲመዘን የተጣራው እህል 98 ኪሎ ሆነ እንበል። ሁለት ኪሎ ጠፍቷል ማለት ነው፤ ሌላ ነገር ሳይነካ የኪሎው ዋጋ ከ86 ወደ 87.8 ነጥብ ወጥቷል።

ከጆንያው ውስጥ የሚበላው ስንት ነው?

ትልቁ ልዩነት የሚገኘው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ረጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በችርቻሮ የሚሸጥ እህል ብዙ ጊዜ አንድ ጊዜ ተበጥሯል፤ ገዢውም በእጁ ዘግኖ እያየ ስለሚገዛ ቆሻሻ የበዛበትን ይተወዋል። የጆንያ እህል ግን ከአውድማው እንደወጣ ሊመጣ ይችላል፤ ገለባ፣ ጠጠር፣ አፈር፣ የሌላ ተክል ዘርና የተሰባበረ ፍሬ ይኖርበታል። ይህ ሁሉ በእህል ዋጋ የተገዛ ነው።

መጠኑን በግምት ከመናገር ይልቅ መለካት ይቻላል። ጆንያውን ለመግዛት ከመወሰን በፊት ከዚያው እህል አንድ ኪሎ ይገዛል። ናሙናው ከላይ ብቻ መዘገን የለበትም፤ ከጆንያው መሃልና ከሥሩም መውሰድ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ጆንያ ሲነቃነቅ ደቃቁ አፈርና ብናኝ ወደ ታች ይወርዳል፣ የላይኛው ገጽ ደግሞ ከሁሉም ንጹሕ ሆኖ ይታያል። ናሙናው ቤት ውስጥ እንደ ወትሮው ተነፍቶ ተለቅሞ እንደገና ይመዘናል። 950 ግራም ከቀረ ከመቶ 5 ይወድቃል ማለት ነው። ከችርቻሮውም አንድ ኪሎ በተመሳሳይ ሁኔታ ተለቅሞ መመዘን አለበት፤ አለበለዚያ አንዱን አጣርቶ ሌላውን ሳያጣሩ ማነጻጸር ይሆናል። የምሳሌያችን ችርቻሮ እህል ከተለቀመ በኋላ 990 ግራም ቀረ እንበል።

አሁን ሒሳቡ ይቀየራል። ከጆንያው 98 ኪሎ ላይ 5 በመቶው ሲወድቅ 93.1 ኪሎ የሚበላ እህል ይቀራል። ጆንያውን ለማጓጓዝ፣ ለማስጫንና ለማስወረድ 350 ነጥብ ቢከፈል ጠቅላላው ወጪ 8,950 ነጥብ ይሆናል፤ ይህ ለ93.1 ሲካፈል ኪሎው 96.1 ነጥብ ነው። የችርቻሮው ኪሎ ደግሞ 100 ለ0.99 ተካፍሎ 101 ነጥብ ይሆናል። የሳምንቱ 14 ኪሎ ሌላ ነገር ለመግዛት በሚወጣ ሰው እጅ ስለሚመጣ የትራንስፖርት ወጪ አልጨመርንበትም። ለእህሉ ብቻ ተብሎ የሚከፈል የመመላለሻ ገንዘብ ካለ ግን ለ14 ተካፍሎ በችርቻሮው ኪሎ ላይ መጨመር አለበት። በዚያ ሁኔታ ላይ ላለ ቤት ሚዛኑ በደንብ ወደ ጆንያው ሊያደላ ይችላል።

የ14 ነጥብ ቅናሽ ወደ 5 ነጥብ ገደማ ወርዷል። ቅናሹ ሐሰት ነበር ማለት አይደለም፤ ከፊሉ ለጎደለው ሚዛን፣ ከፊሉ ለቆሻሻው፣ ከፊሉ ለማጓጓዣው ተከፍሏል።

እርጥበት ዋጋን እንዴት ይለውጣል?

እህል ደረቅ ሲመስልም በውስጡ ውሃ አለ። ለረጅም ጊዜ ለማስቀመጥ የእርጥበቱ መጠን ከ13 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል፤ በሞቃት አካባቢ ደግሞ ወደ 12 በመቶ ቢወርድ ይሻላል። ከመኸር በኋላ በቂ ፀሐይ ሳያገኝ የተሸጠ እህል 16 በመቶ ሊሆን ይችላል። ገዢው ይህን እህል ወስዶ ሲያሰጣው የሚተነው ውሃ በእህል ዋጋ የተከፈለበት ነው።

ስሌቱ ብዙዎች እንደሚያስቡት ከ16 ላይ 12 ቀንሶ 4 ማለት ብቻ አይደለም። ሳይለወጥ የሚቀረው ደረቁ ክፍል ነው። 16 በመቶ ውሃ ባለው 100 ኪሎ ውስጥ 84 ኪሎ ደረቅ ነገር አለ፤ እህሉ ወደ 12 በመቶ ሲደርቅ ይኸው 84 ኪሎ ከጠቅላላው 88 በመቶውን ይይዛል። 84 ለ0.88 ሲካፈል 95.5 ኪሎ ይሆናል፤ ስለዚህ 4.5 ኪሎ ተንኗል። የምሳሌያችን ጆንያ እርጥብ ቢሆን ኖሮ 93.1 ኪሎው ወደ 88.9 ወርዶ የኪሎው ዋጋ 100.7 ነጥብ በሆነ ነበር። ደረቅ ሆኖ በችርቻሮ ከሚገዛው 101 ጋር ሲተያይ ትርፉ አልቋል፤ የማስጣቱ ድካምና የሻጋታ ሥጋት ብቻ ተርፈዋል።

እርጥበትን በመሣሪያ መለካት የማይችል ሰው በጨው መፈተን ይችላል። አንድ ደረቅ የብርጭቆ ዕቃ ወስዶ ሦስተኛ እጁን ያህል በእህሉ መሙላት፣ ከዚያም በደንብ የደረቀ ደቃቅ ጨው አንድ ሁለት ማንኪያ ጨምሮ ከድኖ ለአንድ ደቂቃ ያህል መነቅነቅና ትንሽ ቆሞ እንዲረጋ መተው ነው። ጨው በዕቃው ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እርጥበቱ ከ15 በመቶ ይበልጣል፤ ካልተለጠፈ ያነሰ ነው። ፈተናው በ13 እና በ15 መካከል ያለውን አይለይም፤ በጥርስ ሲነከስ ቀጭ ብሎ መሰበሩም ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ሆኖም ለመግዛት ወይም ለመተው የሚያበቃውን ትልቁን ስህተት ይከላከላል። እርጥብ እህል ታፍኖ ሲቀመጥ ይሞቃል፣ ይሻግታል፤ አንዳንዱ ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ደግሞ እህሉ ቢበስልም አይጠፋም። የሻገተን ጆንያ እንደ ቅናሽ ቆጥሮ ማብሰል በምንም ሒሳብ ሊደገፍ አይችልም።

ገንዘቡ ቀድሞ መከፈሉ ምን ያስከትላል?

እንደገና ወደ ደረቁ ጆንያ እንመለስ። 93.1 ኪሎ በቀን 2 ኪሎ ሲበላ ለ46 ቀናት ገደማ ይበቃል። በመጨረሻው ቀን የሚበላው እህል ገንዘቡ ከ46 ቀን በፊት ተከፍሎበታል፤ በመጀመሪያው ቀን የተበላው ግን ወዲያውኑ ነው። እህሉ በእኩል መጠን እየተበላ ስለሚያልቅ በአማካይ እያንዳንዱ ኪሎ ከ23 ቀን በፊት ተከፍሎበታል። በየሳምንቱ ሲገዛ አማካዩ ሦስት ቀን ተኩል ነው። ልዩነቱ 20 ቀን ያህል ነው።

ይህ የ20 ቀን ልዩነት ዋጋ አለው ወይስ የለውም የሚለው ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ይወሰናል። ጆንያው በወር 3 በመቶ ወለድ በሚከፈልበት ብድር ከተገዛ፣ የ20 ቀኑ ወለድ 2 በመቶ ነው፤ 96.1 ነጥብ የነበረው ኪሎ 98 ነጥብ ይሆናል። የችርቻሮው 101 ስለሆነ ጆንያው አሁንም በኪሎ 3 ነጥብ ያተርፋል፤ በጆንያው ሙሉ ሲታሰብ 280 ነጥብ ያህል፣ ማለትም የሦስት ኪሎ እህል ዋጋ ይቆጥባል። ገንዘቡ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ከሆነ ደግሞ ወለዱ አይቆጠርም፤ ቁጠባው ወደ 450 ነጥብ ይጠጋል።

ከወለድ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ለጆንያ 8,950 ነጥብ በአንድ ቀን ያወጣ ቤት በሚቀጥለው ሳምንት ልጅ ታሞበት መድኃኒት ለመግዛት በከባድ ወለድ ቢበደር፣ ያ ብድር የጆንያው ዋጋ አካል ነው። በየሳምንቱ የሚገዙ ብዙ ቤተሰቦች ስሌት ስለማያውቁ ሳይሆን ገንዘቡ በአንድ ላይ ስለማይገኝላቸው ነው ውዱን የሚከፍሉት፤ ይህ ሳይታወቅ የሚሰጥ ምክር ፍትሐዊ አይሆንም። ለእነዚህ ቤቶች የሚሻለው አንዱን ጆንያ ሁለት ወይም ሦስት ቤተሰብ ሆኖ በአንድ ቀን ገዝቶ በሚዛን መከፋፈል ነው። የጅምላውን ዋጋ ያገኛሉ፤ ገንዘቡም አንድ ላይ ለረጅም ጊዜ አይታሰርባቸውም፤ እህሉም ሳይነቅዝ ያልቃል።

በአንድ ጊዜ ስንት ጆንያ መግዛት ይገባል?

አንድ ጆንያ አትራፊ ከሆነ ስድስት ጆንያ ስድስት እጥፍ ያተርፋል ብሎ ማሰብ ተፈጥሯዊ ነው፤ እህል ግን ሲቀመጥ ባለበት አይቆይም። የነቀዝ እናት ፍሬውን በአፏ ትበሳና ዕንቁላሏን ከጣለች በኋላ ቀዳዳውን መልሳ ትደፍነዋለች። ከዕንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ ፍሬውን ከውስጥ እየበላ ያድጋል፤ ቀዳዳ የሚታየው ነቀዙ አድጎ ሲወጣ ነው። ስለዚህ በገበያ ላይ ንጹሕ የሚመስል እህል በውስጡ ነቀዝ ተሸክሞ ሊመጣ ይችላል። ሙቀቱ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን ከዕንቁላል እስከ ነቀዝ አምስት ሳምንት ገደማ ይወስዳል፤ ሲቀዘቅዝ ይዘገያል፤ ከ15 ዲግሪ በታች መራባቱ ከሞላ ጎደል ይቆማል።

ይህ አምስት ሳምንት ለገዢው ጠቃሚ መለኪያ ነው። በ46 ቀን የሚያልቅ ጆንያ በሞቃት አካባቢ እንኳ ለአንድ ትውልድ ብቻ ጊዜ ይሰጣል፤ አዲሶቹ ነቀዞች በብዛት መውጣት ሲጀምሩ እህሉ እያለቀ ነው። ለዘጠኝ ወር የሚቀመጥ እህል ግን ብዙ ትውልድ ያፈራል፤ እያንዳንዷ እናት ደግሞ በሕይወት ዘመኗ ከመቶ በላይ ዕንቁላል ልትጥል ትችላለች። ጉዳቱ በየወሩ እኩል እየጨመረ አይሄድም፤ መጀመሪያ ላይ አይታይም፣ በኋላ በድንገት የጎላ ይሆናል። ከጆንያው ሥር ነጭ ዱቄት መገኘቱ፣ እጅ ወደ መሃሉ ሲገባ ሙቀት መሰማቱ፣ ፍሬው ውሃ ውስጥ ሲጨመር ባዶ ሆኖ መንሳፈፉ ምልክቶቹ ናቸው። ከእያንዳንዱ ጆንያ ጥቂት እህል በብርጭቆ ዕቃ አድርጎ፣ አፉን በጨርቅ አስሮ፣ በሞቃት ቦታ ለጥቂት ሳምንታት ማስቀመጥ ደግሞ ጆንያው ራሱ ምልክት ከማሳየቱ በፊት ሊያስጠነቅቅ ይችላል።

ረዘም ላለ ጊዜ ማስቀመጥ ለሚፈልግ ቤት አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ንብርብር ከረጢት ጥሩ መንገድ ነው። ሁለቱ የውስጥ ላስቲኮች በየራሳቸው በደንብ ሲታሰሩ፣ በውስጥ ያሉት ነፍሳት ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱና መብላት አቁመው ይሞታሉ። ሁለት ነገር ግን መጠበቅ አለበት፦ እህሉ አስቀድሞ የደረቀ መሆን አለበት፣ ከረጢቱም በየቀኑ መከፈት የለበትም፤ በተከፈተ ቁጥር አዲስ አየር ይገባል። አንዱን ከፍቶ እየተጠቀሙ ሌሎቹን እንደታሰሩ መተው ያስፈልጋል። የከረጢቱ ዋጋም በውስጡ ለሚይዘው ኪሎና ለሚያገለግልበት ዙር ተካፍሎ በነጠላ ዋጋው ላይ ይጨመራል።

በጅምላ ከመግዛት ጋር ተያይዞ የሚነሣ አንድ አደገኛ ልማድ እዚህ ላይ መጠቀስ አለበት። ለነቀዝ ተብሎ የሚሸጠው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ክኒን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የተባለ ገዳይ ጋዝ ያወጣል። ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ ባለ ጆንያ ላይ ክኒኑን ጨምሮ መተው ቤተሰብን የሚገድል ነገር ነው፤ በተለያዩ አገሮችም ገድሏል። ርካሽ ስለሆነ ብቻ ወደ ሒሳቡ መግባት የለበትም፤ ያለ ክኒን ሊቀመጥ የማይችል መጠን ለመኖሪያ ቤት የበዛ መጠን ነው።

ዋጋ ይጨምራል ተብሎ ሲጠበቅስ?

ስድስት ጆንያ የመግዛት ዋነኛው ምክንያት የብዛት ቅናሹ ሳይሆን ወቅቱ ነው። እህል በመኸር ወቅት ይረክሳል፤ ወደሚቀጥለው ምርት ሲቃረብ አብዛኛውን ጊዜ ይወደዳል። ቤተሰቡ በመኸር ስድስት ጆንያ እያንዳንዱን በ8,400 ነጥብ ቢገዛ፣ ማጓጓዣውም በብዛቱ ምክንያት ለአንዱ ወደ 250 ቢወርድለት፣ የሚበላው ኪሎ 92.9 ነጥብ ይሆናል። እህሉ ለ279 ቀን ያህል ይበቃል፤ ገንዘቡም በአማካይ ከሳምንታዊው ግዢ አራት ወር ተኩል ቀድሞ ይከፈላል። በዚያው የ3 በመቶ ብድር ይህ 13.6 በመቶ ወለድ ማለት ነው፤ ኪሎው 105.5 ነጥብ ይደርሳል። በመጋዘን ምንም ሳይጎድል እንኳ የችርቻሮ ዋጋ ባለበት ከቆየ፣ ተበድሮ ስድስት ጆንያ የገዛው ቤት በየሳምንቱ 101 ከሚከፍለው ጎረቤቱ በላይ እየከፈለ ነው።

የችርቻሮ ዋጋ በእነዚህ ወራት ቀስ በቀስ ወጥቶ በመጨረሻ 20 በመቶ ቢጨምርስ? ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚሳሳተው የመጨረሻውን ዋጋ ከራሱ የግዢ ዋጋ ጋር በማነጻጸር ነው። በየሳምንቱ የሚገዛው ሰው 120 ነጥብ የሚከፍለው በመጨረሻው ሳምንት ብቻ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት የከፈለው 100 ነበር። ጭማሪው በእኩል ደረጃ ከወጣ አማካዩ 110 ሲሆን፣ የመልቀሚያው ጉድለት ሲታሰብ 111 ነጥብ ይሆናል። ከ105.5 ጋር ሲተያይ ጆንያው አሁን ይሻላል። ነገር ግን ከተቀመጠው እህል 4 በመቶው በነቀዝና በአይጥ ቢጎድል 105.5 ወደ 110 ገደማ ስለሚወጣ ልዩነቱ አንድ ነጥብ ብቻ ይቀራል። በራሱ ገንዘብ የገዛ ቤት ግን ያው 4 በመቶ ቢጎድልበትም ኪሎውን በ97 ነጥብ ገደማ ይበላል፤ ዋጋ ባይጨምርለትም አልከሰረም። በእኔ ግምት ለወራት የሚሆን እህል በብድር ማከማቸት ዋጋ እንደሚወጣ መወራረድ ነው፤ በአንድ ጆንያ ላይ የተወሰነ ግዢ ግን እንዲህ ያለውን ትንበያ አይፈልግም።

ጆንያው ከታሰበው ቀን ቀድሞ ቢያልቅ ምን ማለት ነው?

በየሳምንቱ የሚገዛ ቤት እህሉ ሐሙስ ቀን ሲያንስ ዓርብን ቆጥቦ ያልፋል። ጆንያ ያለበት ቤት ግን ይህ ገደብ የለውም፤ እፍኝ ይበዛል፣ የተረፈ ይደፋል፣ ለመጣው ሰው ይሰፈራል። በምሳሌያችን ያተረፍነው ከ3 እስከ 5 በመቶ ብቻ ስለሆነ፣ ቤቱ በቀን ከ2 ኪሎ ይልቅ 2.1 ኪሎ መጠቀም ከጀመረ የቁጠባው ገንዘብ በሙሉ ያልቃል። ልዩነቱ 100 ግራም ነው፤ በዓይን አይታይም።

የሚታወቀው በቀን ነው። እህሉ ተለቅሞ ሲመዘን 93 ኪሎ ከሆነ፣ የተከፈተበት ቀንና 46 ቀን ተቆጥሮ የሚያልቅበት ቀን በጆንያው ላይ ይጻፋሉ። መሃሉ ላይ፣ በ23ኛው ቀን፣ የቀረው ይመዘናል፤ 47 ኪሎ ገደማ መሆን አለበት። 41 ኪሎ ብቻ ከተገኘ በቀን 2.26 ኪሎ እየወጣ ነው ማለት ነው፤ ጆንያውም በ41ኛው ቀን ላይ ያልቃል። ጭማሪው ወዴት እንደሄደ መጠየቅ ይገባል፤ የተደፋ ከሆነ ብክነት ነው፣ ጆንያው የሰጠው ቅናሽ በቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ነው ያለው። ቀድሞ በግማሽ ሆድ ይተኙ የነበሩ ልጆች አሁን ጠግበው እየተኙ ከሆነ ግን ያ ብክነት አይደለም፤ የቤቱ እውነተኛ ፍላጎት በቀን 2.26 ኪሎ ነበር፤ የሚቀጥለው ስሌትም በሳምንት ከ14 ሳይሆን ከ16 ኪሎ ገደማ መነሣት አለበት።